ስለ ፊት-ጋፕ ወርክሾፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከግዢ ጥያቄ እስከ ክፍያ

አዲስ ሲስተም ልታስገቡ ስትሉ የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው፤ ምሳሌዎቹ ሁሉ ከግዢ ሥራ የተወሰዱ ናቸው፣ ሲስተሙም ኦዱ የሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው።

ፊት-ጋፕ ማለት ምን ማለት ነው?

የገዛችሁት ሲስተም አንድን ሥራ የሚሠራበት የራሱ መንገድ አለው። እናንተም ያንኑ ሥራ የምትሠሩበት መንገድ አላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ደረጃ በደረጃ ማየት ነው። ከገጠመ ፊት ይባላል፣ ካልገጠመ ጋፕ። ወርክሾፑ ይህን ለማየት የሚደረገው ስብሰባ ነው።

ጋፕ ሲገኝ መንገዱ ሦስት ነው። ወይ ሲስተሙ ውስጥ ያለውን ምርጫ ታስተካክላላችሁ፣ ወይ የሌለውን በኮድ ታሠራላችሁ፣ ወይ ደግሞ አሠራራችሁን ትቀይራላችሁ። ብዙ ድርጅት ሦስተኛውን ሳያየው ያልፋል። ሰው ጋፕ የሚለውን ቃል ሲሰማ የጎደለው ሲስተሙ ነው ብሎ ያስባል፤ ግን የጎደለው አሠራሩም ሊሆን ይችላል።

ወርክሾፑ ላይ እነማን ይቀመጡ? ስንት ሰዓትስ ይበቃል?

ለአንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ከግዢ ጥያቄ እስከ ክፍያ ላለው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከሦስት ሰዓት በላይ ከሄደ ሰው ይደክምና ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት ይጀምራል። ያ እሺታ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ያላለቀውን በማግስቱ ቀጥሉ።

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በቂ ነው። ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ሠራተኛ፣ የስቶር ኃላፊዋ፣ ቢሉን የሚመዘግበው አካውንታንት ይኑሩ። ኃላፊዎቹን ብቻ ሰብስባችሁ ከሆነ የምትሰሙት ሥራው መሆን ያለበትን እንጂ የሆነውን አይደለም። ከእነሱ ጋር እዚያው «ይሄ ይቅር» ብሎ መወሰን የሚችል አንድ ሰው መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ሁሉም ነገር «ለማኔጅመንት ይቅረብ» እየተባለ ይንከባለላል።

ሰዎች የሚረሱት የውስጥ ኦዲተሩን ነው። ፎርሞቻችሁ ላይ ያሉት ፊርማዎች ብዙዎቹ የመጡት ከኦዲት አስተያየት ነው፤ ለምን እንደመጡ የሚያውቀው እሱ ነው። ወርክሾፑ ላይ ካልነበረ ከወር በኋላ ውሳኔያችሁን በደብዳቤ ይጥለዋል።

ከመግባታችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

የፍላጎት ዝርዝር አታዘጋጁ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ከተባለ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ይጽፋል፣ ሃምሳ ገጽ ይሞላል። በምትኩ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት በእውነት የተፈጸሙ አሥር ያህል ግዢዎችን ከፋይል አውጡ። የግዢ ጥያቄው፣ ሦስቱ ፕሮፎርማ፣ የግዢ ትዕዛዙ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ የክፍያ ማዘዣው፣ የሲፒኦው ኮፒ፣ ከሻጩ የመጣው ደረሰኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተያይዞ ይምጣ።

ስትመርጡ ቀላሎቹን ብቻ አትምረጡ። ዕቃው ጎድሎ የመጣበት አንድ ይኑር። ዋጋው በመሃል የጨመረበት አንድ። ሻጩ መጀመሪያ ገንዘቡን የጠየቀበት አንድ። ዕቃ የተመለሰበት አንድ። ጋፕ የሚገኘው እነዚህ ውስጥ ነው።

ሲስተሙን የሚያስገባላችሁ ድርጅት ደግሞ የእናንተን ሻጮችና የእናንተን ዕቃዎች ጥቂት ሞልቶበት ይምጣ። የውጭ አገር ኩባንያ ስም የተሞላበት ዴሞ ላይ የስቶር ኃላፊዋ ሥራዋን አታየውም፣ ስለማታየውም አትናገርም።

ክፍሉ ውስጥ በትክክል የሚደረገው ምንድነው?

አንዱን ፋይል ታነሳላችሁ። ኮንሰልታንቱ ያንን ግዢ እስክሪኑ ላይ፣ ምንም ባልተነካ ሲስተም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሠራዋል። በየደረጃው ቆም ይልና «እናንተ እዚህ ጋ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ይመልሳል። ልዩነት ካለ ይጻፋል። በቃ።

የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ቀላል ይሁን፦ የትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ዛሬ ምን እንደሚደረግ፣ ሲስተሙ ምን እንደሚያደርግ፣ ልዩነቱን ማን እንዳስገደደው፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም፣ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደወሰነ። «ማን አስገደደ» እና «በወር ስንት ጊዜ» የሚሉት ሁለቱ ከሌሉ ግን ሰንጠረዡ ለውሳኔ አይረዳም፤ የቅሬታ መዝገብ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔውን እዚያው ክፍሉ ውስጥ መንደፍ አትጀምሩ፣ ፕሮግራመሩ «ይሄማ ቀላል ነው፣ በሁለት ቀን እሠራዋለሁ» ካለ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ስለ ኮድ ይሆንና ሥራው ይረሳል።

ኮንፊገሬሽን የት አብቅቶ ካስተማይዜሽን የት ይጀምራል?

ሲስተሙን የሠራው ኩባንያ ራሱ አስቦበት ያስቀመጠውን ምርጫ መምረጥ ኮንፊገሬሽን ነው። ኦዱ ውስጥ የግዢ ሴቲንግ ላይ `Purchase Order Approval` የሚል አለ። ትከፍቱታላችሁ፣ የብር መጠን ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በላይ የሆነ ትዕዛዝ የግዢ አስተዳዳሪነት መብት ያለው ሰው እስኪያጸድቀው `To Approve` ላይ ይቆማል። ቨርዥን ሲቀየር ይህ አብሯችሁ ይሄዳል።

ካስተማይዜሽን ግን የራሳችሁ ኮድ ነው፣ ባለቤቱም እናንተ ናችሁ። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ ድጋፍ የሚሰጠውም ለቅርብ ሦስቱ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ መሸጋገራችሁ አይቀርም፣ በተሸጋገራችሁ ቁጥርም ኮዳችሁ እንደገና ይታያል፣ ይስተካከላል፣ ይሞከራል። ካስተማይዜሽንም ሁሉ እኩል አይከብድም። ቢሉ ላይ የሻጩን ደረሰኝ ቁጥርና የካሽ ማሽኑን ቁጥር የምትጽፉበት ሁለት ባዶ ቦታ መጨመር ቀላል ነው፣ ብዙም አይሰበርም። የክፍያውን ወይም የስቶክ ዋጋ አሰላሉን ኮድ መንካት ሌላ ነገር ነው። ሂሳቡ የሚቆምበት መሠረት ስለሆነ እዚያ የተሳሳተ ነገር ወራት ቆይቶ፣ ሂሳብ ሲዘጋ ነው የሚታየው።

ጋፕ ሲገኝ መጀመሪያ ምን ብለን እንጠይቅ?

«ይህን እንድታደርጉ ያስገደዳችሁ ማን ነው?» በሉ። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ይሆናል። ሕግ ነው። ውል ነው፣ ለምሳሌ የባንክ ብድር ወይም የለጋሽ ስምምነት። የድርጅቱ ባለቤት ወይም ቦርድ ያወጣው መመሪያ ነው። አለዚያም ልማድ ነው።

ልማድ ራሱን በስሙ አይጠራም። «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው» ከተባለ ግልጽ ነው። «ኦዲት ያስጠይቀናል» ከተባለ ግን ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ። «ሕጉ ነው» ከተባለም የትኛው አዋጅ፣ የትኛው መመሪያ በሉ፤ በትህትና፣ ግን በሉ። ሦስት ፕሮፎርማን ውሰዱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመንግሥት ግዢ ሕግ አለበት፣ መንገዱ እዚያ ተጽፏል። የግል ድርጅት ውስጥ ግን ሦስት ፕሮፎርማ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከድርጅቱ መመሪያ ነው፤ ያወጣው ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ይህን ሳይለዩ «አስገዳጅ» ብሎ መጻፍ ለማያስፈልግ ኮድ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ሕግና ውል ከሆነ ሲስተሙ ይታዘዝ፣ በኮንፊገሬሽን ካልሆነ በኮድ። መመሪያ ከሆነ መመሪያው ይታይ። ልማድ ከሆነ አሠራሩ ይቀየር። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ካለ ምክንያቱ ይጻፍ።

ግዢያችን አምስት ፊርማ ይፈልጋል፣ ሲስተሙ ግን አንድ ማጽደቂያ ብቻ ነው ያለው። ካስተማይዝ ይደረግ?

ይህ በጣም የሚያጋጥም ስለሆነ አንድ ድርጅት እናስብና እንየው። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፣ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ያከፋፍላል። የግዢ ጥያቄው ፎርም ላይ ጠያቂው ክፍል፣ ስቶር፣ ግዢ ኃላፊ፣ ፋይናንስና ዋና ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ። ወረቀቱ ቃሊቲ ሄዶ መመለሱን ጨምሮ አራት ቀን ይፈጃል። መርካቶ የተሰጣቸው ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ ዋጋው የሚጸናው ለዚያው ቀን ብቻ እንደሆነ ተጽፎበታል። ፊርማው ሲያልቅ ዋጋው ተቀይሮ ስለሚጠብቅ እንደገና ፕሮፎርማ ይሰበሰባል።

አሁን ፊርማዎቹን አንድ በአንድ «አንተ የምትፈርመው ምን አይተህ ነው?» እያላችሁ ጠይቁ። ጠያቂው «እኔ ነኝ የጠየቅኩት» ለማለት ነው የሚፈርመው፤ በራሱ ስም ገብቶ ጥያቄውን ሲሞላ ሲስተሙ ይህን ይመዘግበዋል። የስቶር ኃላፊዋ የሚፈርሙት «ዕቃው ስቶር የለም» ለማለት ነው፤ ግዢ ክፍሉ ያንን ሜክሲኮ ሆኖ እስክሪኑ ላይ ያየዋል። ግዢ ኃላፊው ዋጋ ያወዳድራል፣ ትዕዛዙን ራሱ ኮንፈርም ያደርገዋል። ፋይናንስ «ገንዘብ አለ» ነው የሚለው፤ ግን ክፍያ ላይ ድጋሚ ስለሚፈርም አንዱ ይበቃዋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ ሳያውቁት እንዳይወጣ ነው። ለእሳቸው `Purchase Order Approval` የሚለውን ምርጫ አብርታችሁ፣ ለምሳሌ 50,000 ብር ታስገባላችሁ። አምስቱ ፊርማ ወደ አንድ ማጽደቂያ ወረደ፣ ለዚህም አንድ መስመር ኮድ አልተጻፈም።

ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ እስክሪኑ ላይ ያለው የስቶክ ቁጥር እውነት መሆን አለበት። ቆጠራው ከመደርደሪያው ጋር የማይገጥም ከሆነ የስቶር ኃላፊዋን ፊርማ ማንሳት ስቶር ሞልቶ እያለ መግዛት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ፣ ልዩነቱ እስኪጠብ ድረስም ፊርማቸው በወረቀት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ኦዲተሩ የአንዱን ፊርማ ታሪክ ይንገራችሁ። ዱሮ አንድ ገዢ ያልገባ ዕቃ አስከፍሎ ስለነበር የተጨመረ ፊርማ ሊኖር ይችላል። ፊርማውን ማንሳት ይቻላል፣ የመጣበትን ስጋት መርሳት ግን አይቻልም። `Bill Control` የሚለውን በገባው ዕቃ መጠን ላይ ካደረጋችሁት፣ ስቶር ያልተቀበለውን ዕቃ ከትዕዛዙ ተነስቶ ቢል ማድረግ አይቻልም። ለዚያ ስጋት ከፊርማው ይልቅ ይህ ይጠብቃችኋል።

ነጋዴው ቅድሚያ ካልከፈልን ዕቃ አይሰጠንም። ሲስተሙ ደግሞ ዕቃ፣ ቢል፣ ክፍያ እያለ ነው የሚሄደው። ይሄ ጋፕ አይደለም እንዴ?

ነው፣ እውነተኛ ጋፕም ነው። አስገዳጁ ሕግ አይደለም፣ ውልም አይደለም፣ ገበያው ነው። ነጋዴው ሲፒኦውን ሳያይ ዕቃውን አይጭንም፣ ደረሰኙንም የሚቆርጠው ያኔ ነው። እናንተ ስላልወደዳችሁት ይህ አይቀየርም። ስለዚህ «አሠራራችሁን ቀይሩ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ አይሠራም።

ግን ወዲያው ወደ ኮድ አትሂዱ። ከዚያ በፊት ሲስተሙ እንዳለ እስከየት እንደሚያደርሳችሁ በፋይሉ ሞክሩት። ኦዱ ላይ ቢል ሳይኖር ለሻጩ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል። አካውንታንቱ ክፍያውን ይመዘግባል፣ `Memo` ላይ የግዢ ትዕዛዙን ቁጥር ይጽፋል፣ ሲፒኦው ይወጣል። ዕቃው ቃሊቲ ሲገባ ስቶር ይቀበለዋል። ደረሰኙ ሲመጣ ቢሉ ይመዘገባል፤ ኮንፈርም ሲደረግ ያ ያልተዘጋ ክፍያ ከቢሉ ሥር ይታያል፣ `Add` ይባልና ይጣጣማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ፊት ነው።

የቀረው ጋፕ ጠባብ ነው፣ ትክክለኛ ስሙም ሌላ ነው፦ ገንዘብ ወጥቶ ዕቃውም ደረሰኙም ሳይመጣ ሲቀር ሲስተሙ «ይህ ተንጠልጥሏል» ብሎ አያስጮህም። አካውንታንቱ ካልተከታተለው ሻጩ ስም ላይ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። እዚህ ጋ አሠራር ትጨምራላችሁ። በየሳምንቱ ሰኞ ያልተጣጣሙ ቅድመ ክፍያዎች ዝርዝር ይወጣል፣ እያንዳንዱ ላይ ያስከፈለው ሠራተኛ ስም ይኖራል፣ የቀደመውን ያልዘጋ አዲስ አይወስድም። ቅድመ ክፍያ በወር አሥር ከሆነ ይህ ይበቃል። መቶ ከሆነ ክፍያውን ከትዕዛዙ ጋር የሚያስር፣ ከትዕዛዙ በላይ እንዳይከፈል የሚከለክል ትንሽ ተጨማሪ ሞጁል ማሠራት ተገቢ ነው። ጋፑ «ቅድመ ክፍያ አይደግፍም» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ሙሉ የክፍያ ሞጁል ነበር የሚሠራላችሁ። ጋፕን አጥብቦ መጻፍ ገንዘብ ያተርፋል የምለው ለዚህ ነው።

አካውንታንቱ «ቅድመ ክፍያ በራሱ ሂሳብ መታየት አለበት» ሊል ይችላል፣ ልክም ነው። ይህ ክፍያ የሚቀመጠው ተከፋይ ሂሳብ ውስጥ ነውና። በወር መዝጊያ ላይ አንድ ጆርናል አድርጎ ማዛወር ይቻላል። ለዚያ ኮድ አይጻፍም።

ዊዝሆልዲንግስ? ሕግ ስለሆነ ካስተማይዝ መደረጉ አይቀርም አይደል?

ሕግ ነው ማለት ኮድ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሂሳቡን በኮንፊገሬሽን ትጨርሱታላችሁ። ቫት 15 በመቶ እንደ አንድ ታክስ ይገባል፣ ዊዝሆልዲንግ ደግሞ ምልክቱ ነጌቲቭ የሆነ ሌላ ታክስ ሆኖ ይገባል። ሁለቱም የሚሰሉት ቫት ካልተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው። ዕቃው 100,000 ብር ከሆነ ቫቱ 15,000 ይጨመራል፣ ዊዝሆልዲንጉ ከ100,000ው ይሰላና ለሻጩ ከሚከፈለው ላይ ይቀነሳል። በ115,000 ላይ ካሰላው ተሳስቷል፤ ወርክሾፑ ላይ በአንድ እውነተኛ ደረሰኝ አረጋግጡ። መጠኑ በአዋጅ ስለሚቀየር ኮድ ውስጥ ማንም እንዳይጽፈው፤ ሴቲንግ ላይ ብቻ ይቀመጥ።

ጋፑ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዊዝሆልዲንግ የሚቆረጠው ግዢው ሕጉ ካስቀመጠው የብር መጠን ሲያልፍ ነው፤ ለዕቃና ለአገልግሎትም መነሻው ይለያያል። ሲስተሙ ታክሱን ያሰላል እንጂ መጠኑን አይቶ «ይህ አልፏል፣ ቁረጥ» አይልም። የሚመርጠው ሰው ነው። ሰው ሲረሳስ? ቆራጩ ሳይቆርጥ ከቀረ ታክሱ ከራሱ ይፈለጋል። አሁን ሦስቱን አንድ ላይ እዩ፦ ሕግ ያስገድዳል፣ በየቀኑ ያጋጥማል፣ ስህተቱ በገንዘብ ያስከፍላል። በወር አራት መቶ ቢል የሚመዘግብ ድርጅት ከሆናችሁ፣ ቢሉ ኮንፈርም ሲደረግ መጠኑን አይቶ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ኤክስቴንሽን አሠሩ እላለሁ። የሚያስጠነቅቅ እንጂ በራሱ የሚቆርጥ አይሁን። ነፃ የሆኑ ሻጮችና ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ የመጨረሻው ውሳኔ የአካውንታንቱ ይሁን። በወር ሃያ ቢል ከሆነ ግን አንድ ሁለተኛ ሰው እያየው ይበቃል።

ሲስተሙ በፈረንጅ ቀን ነው፣ እኛ በኢትዮጵያ። ሙሉ በሙሉ ይቀየርልን?

አይቀየር። ከሁሉም ጥያቄ በጣም የሚያስወጣውና ጥቅሙ ትንሽ የሆነው ይህ ነው። ቀን እያንዳንዱ ሰንጠረዥና እያንዳንዱ ሪፖርት ውስጥ አለ፤ እሱን መንካት ሁሉንም መንካት ነው።

ቆርሳችሁ እዩት። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ያ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፤ ስለዚህ ሴቲንግ ላይ የዓመቱን መጨረሻ ጁላይ 7 ብላችሁ ታስገባላችሁ። የወር ሪፖርት የሚወጣው የቀን ክልል ተመርጦ ነው፤ ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው፣ ነሐሴ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 5። ጳጉሜ ከየትኛው ወር ሪፖርት ጋር እንደሚሄድ ፋይናንስ ቀድሞ ይወስንና ይጻፍ፤ ኋላ ላይ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው። የቀረው ሰው የሚያየው ወረቀት ነው፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ የክፍያ ማዘዣ። እነዚህ ሲታተሙ የኢትዮጵያውን ቀን አስልቶ ጎን ላይ የሚያወጣ ፎርም ማሠራት በቂ ነው። ውስጡ አልተነካም፣ ወረቀቱ ግን በእኛ ቀን ወጣ።

ካስተማይዝ ማድረጉ ያዋጣል አያዋጣም በምን ልወቅ?

በሰዓት አስሉት፣ ሻካራ ስሌት ይበቃል። አንድ ሰው ለተመለሰ ዕቃ የተለየ እስክሪን ጠየቀ እንበል። አሁን ባለው መንገድ አንዱን ለመሥራት አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ በወር አራት ጊዜ ያጋጥማል። በወር አንድ ሰዓት፣ በዓመት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እስክሪኑን ለመሥራትና ለመሞከር አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል ከተባለ ሰማንያ ሰዓት ነው። ስድስት ዓመት ከምናምን ካልቆየ የወጣበትን አይመልስም፣ በመሃልም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቨርዥን ሲቀየር እንደገና ይወጣበታል። አይሠራ። በወር አራት መቶ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ግን ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ይመለሳል።

ሰዓት የማይለካው ነገርም አለ። ስህተቱ ቅጣት የሚያመጣ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛችሁ እናንተን የሚመርጠው በዚያ አሠራር ምክንያት ከሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ቢያጋጥምም ሊያዋጣ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ያለ ቦታው ይጠቅሰዋል። የግዢ ፎርማችሁን አይቶ ወደ ሱቃችሁ የሚመጣ ደንበኛ የለም።

የሚያስገባልን ድርጅት ለሁሉም ጥያቄ «ፊት ነው» ይላል። እንመን?

እስክሪን ላይ ካላሳያችሁ ፊት ብላችሁ አትጻፉ። «ይቻላል» የሚለው ቃል በጣም አደገኛ ነው፤ በኮድ ሁሉም ነገር ይቻላል። እሱ ያለው «በኮድ ይቻላል»፣ እናንተ የሰማችሁት «አለው» ይሆናል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ «እንዳለ ይሠራል»፣ «በሴቲንግ ይሠራል»፣ «በኮድ ይሠራል» እያላችሁ ለዩት፣ የሦስተኛው ዋጋ ማን ላይ እንደሆነም ይጻፍ።

ውሉ ምን ዓይነት እንደሆነም አስቡ። ክፍያው በቀን ከሆነ ኮድ በበዛ ቁጥር ገቢው ይበዛል። ጠቅላላ ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ደግሞ «አሠራራችሁን ቀይሩ» ማለት ይቀለዋል፣ አንዳንዴም መቀየር የማይገባውን። ሰውየው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፣ ግን ምክሩ ወደየት እንደሚያዘነብል እወቁ።

ባለቤቱ «አሁን የምንሠራበት መንገድ አንድም ነገር እንዳይነካ» ብለዋል። ምን እናድርግ?

በጥቅሉ አትከራከሯቸው። «ስታንዳርድ ይሻላል» የሚለውን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። አንድ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ ይህ ግዢ አራት ቀን ፈጀ፣ በመሃል ዋጋ ጨምሮ ይህን ያህል ብር ከፈልን» በሉና ሁለቱን ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አስቀምጡላቸው። ከዚያ ያሰቡትን ጥያቄ ያውጡት፣ ብዙ ጊዜ እሱ «እኔ ሳላውቅ ገንዘብ ይወጣል ወይ?» ነው። በስልካቸው ሆነው እንደሚያጸድቁ ስታሳዩዋቸው ብዙው ነገር ይቀላል።

አሁንም «አይነካ» ካሉ፣ ይሁን፤ ድርጅቱ የእሳቸው ነው። ግን ዋጋውን ከጎኑ ጻፉ፣ ለመሥራት ስንት፣ ቨርዥን ሲቀየር ስንት። ፊርማቸው እዚያ ላይ ይረፍ። አንዳንዶቹ ቁጥሩን ሲያዩ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፣ አንዳንዶቹ አይቀይሩም፣ ሁለቱም አውቀው የወሰኑት ነው።

ከፈረምን በኋላ ሙከራ ላይ አዲስ ጋፕ ቢወጣስ?

ይወጣል። መጀመሪያ እውነት አዲስ መሆኑን እዩ። ሰንጠረዡን ክፈቱና ያ ደረጃ ተጽፎ ከነበረ «አሠራር ይቀየራል» ተብሎ ተወስኖ ነበር ወይ በሉ። ብዙ ጊዜ «አዲስ ጋፕ» የሚባለው የድሮው ውሳኔ በሌላ በር ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ አሠራሩ ይቀየራል ተባለ እንጂ ለስቶር ኃላፊዋ ማንም አልነገራቸውም፣ መመሪያውም አልታረመም። ያኔ የሚያስፈልገው ኮድ አይደለም፣ ቃሊቲ ሄዶ ከእሳቸው ጋር መቀመጥና የተሻሻለውን መመሪያ ደብዳቤ ማውጣት ነው።

በእውነት አዲስ ከሆነ ያንኑ ጥያቄ እለፉበት፤ ማን አስገደደ፣ በወር ስንት ጊዜ። ሕግ ከሆነና ያለሱ ሥራ መጀመር የማይቻል ከሆነ መጀመሪያው ቀን ይገፋ። ካልሆነ በወረቀት ወይም በኤክሴል እየተሠራ ሥራው ይጀመር፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይታይ። የሦስት ወሩን ቀጠሮ አሁኑኑ ቀን ቁረጡለት፣ የሚያየውንም ሰው ሰንጠረዡ ላይ በስሙ ጻፉት።